ዋናው ነገር ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ሲገኝ

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ሌሊት፣ የአሶሺዬትድ ፕሬስ የዋሽንግተን ወኪል የነበረው ላውረንስ ጎብራይት አጭር የቴሌግራፍ መልእክት ላከ። ፕሬዚዳንቱ በዚያ ምሽት ቴያትር ቤት ውስጥ በጥይት ተመትተዋል፣ ቁስላቸውም ምናልባት ለሞት የሚያደርስ ነው፤ የመልእክቱ ፍሬ ነገር ይኸው ነበር። ቆየት ብሎ የተላለፈው ረዘም ያለ ዘገባ ግን አጀማመሩ ሌላ ነው። ፕሬዚዳንት ሊንከን ከባለቤታቸውና ከወዳጆቻቸው ጋር ወደ ፎርድ ቴያትር መሄዳቸውን፣ የሚታየው ተውኔት ምን እንደነበረና አዳራሹ በሰው መሙላቱን ይተርካል። ወደ ተኩሱ የሚደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ክስተቱ አንድ፣ ሌሊቱም አንድ ነው። ልዩነቱ አደራደሩ ላይ ነው። ረዥሙ ዘገባ የጊዜን ቅደም ተከተል ይዞ ይሄዳል፤ አጭሩ መልእክት ደግሞ አንባቢው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር ከሁሉም አስቀድሞ ይነግረዋል። በጋዜጠኝነት ትምህርት ቤቶች «የተገለበጠ ፒራሚድ» እየተባለ የሚሰጠው የዜና አጻጻፍ ይህን ሁለተኛውን መንገድ የተከተለ ነው። ሰፊው የፒራሚዱ መሠረት፣ ማለትም ክብደት ያለው ፍሬ ነገር፣ ላይ ይሆናል። ከዚያ ማብራሪያው፣ ከዚያ ዳራው፣ መጨረሻ ላይ ቢቀር የማይጎዳው ይከተላል።

ይህ አጻጻፍ የቴሌግራፍ ልጅ ነው ሲባል እንሰማለን። ክፍያው በቃል ስለነበር፣ መስመሩም መሀል ላይ ሊቋረጥ ስለሚችል፣ ዘጋቢዎች ዋናውን አስቀድመው ይልኩ ነበር ይባላል። በአባባሉ እውነት ቢኖርበትም ሙሉ ታሪኩ እሱ አይደለም። አጻጻፉ የጋዜጦች የዘወትር ልማድ የሆነው በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። እንዲጸና ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ የማተሚያ ቤቱ አሠራር ነበር። ፊደል በእርሳስ ተለቅሞ ገጽ በሚሠራበት ዘመን ዜናው ከቦታው ከበለጠ አርታኢው እንደገና የሚጽፍበት ጊዜ አልነበረውም። ከታች ይቆርጣል፣ ገጹ ይዘጋል። ስለዚህ ከታች ያለው አንቀጽ ቢወድቅ ዜናው እንዳይሞት ሆኖ መጻፍ ነበረበት። ዛሬ የሚቆርጠው አንባቢው ራሱ ነው፤ በስልኩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት መስመሮች አይቶ ያልፋል።

እኛ አገር ብዙ ረቂቅ ዜናዎች በዚህ አደራደር አይመጡም። ለዚህም ሁለት ምክንያት ይታየኛል። አንደኛው ጨዋታ አዋቂነታችን ነው። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብለን ያደግን ሰዎች ነን። መርዶ እንኳ በድንገት አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጊዜ ተመርጦ፣ ሰውዬው እንዲቀመጥ ተደርጎ ነው። ይህ ለለቅሶ ቤት ክቡር ሥርዓት ነው፤ ለዜና ግን አይሆንም። ሁለተኛው ምክንያት ዘጋቢው አብዛኛውን ጊዜ የሚላከው ወደ ስብሰባ መሆኑ ነው። በማስታወሻ ደብተሩ ላይ የሚጽፈው ንግግሮቹ በተደረጉበት ተራ ስለሆነ፣ ረቂቁም የስብሰባውን መርሐ ግብር ይመስላል፤ በመክፈቻ ንግግር ይጀምርና በምሳ ግብዣ ይዘጋል።

ነገሩ በምሳሌ እንዲታይ አንድ ረቂቅ ልሥራ። ከተማውም ሰዎቹም ለማስተማሪያ የተፈጠሩ ናቸው፤ ዓይነቱን ግን ማንኛውም የዜና ክፍል ሠራተኛ ያውቀዋል። ረቂቁ ዘጠኝ አንቀጾች አሉት። አንደኛው የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ከባለድርሻ አካላት ጋር የምክክር መድረክ ማካሄዱን ይናገራል። ሁለተኛው የአገልግሎቱ ኃላፊ «ውሃ ሕይወት ነው» ብለው መድረኩን መክፈታቸውን ነው። ሦስተኛው ዋናው የውሃ መስመር ከተዘረጋ ከ35 ዓመት በላይ እንደሆነው፣ አራተኛው ደግሞ ኃላፊው «አክለውም» በመስመሩ እርጅና ምክንያት ብዙ ውሃ እየባከነ መሆኑን መግለጻቸውን ይዟል። በአምስተኛው አንዲት ተሳታፊ ውሃ ሳይነገራቸው እንደሚጠፋባቸው ቅሬታ ያቀርባሉ። ስድስተኛው «ለዚህ ምላሽ የሰጡት» የቴክኒክ ኃላፊ፣ አሮጌው መስመር ስለሚቀየር ከቅዳሜ ጀምሮ በ02፣ በ05 እና በ07 ቀበሌዎች ውሃ ለአምስት ቀናት እንደሚቋረጥ መናገራቸውን ይገልጻል። ሰባተኛው ለጤና ጣቢያዎችና ለትምህርት ቤቶች በቦቴ ውሃ እንደሚቀርብ ነው። በስምንተኛው እኚሁ ተሳታፊ አምና ለሦስት ቀን የተባለ ተመሳሳይ ሥራ ሁለት ሳምንት መፍጀቱን ያነሣሉ፤ የቴክኒክ ኃላፊውም የዘገየው ቱቦ በወቅቱ ባለመግባቱ እንደነበረ፣ አሁን ግን ዕቃው ሁሉ መጋዘን መድረሱን ይመልሳሉ። ዘጠነኛው መድረኩ በስኬት መጠናቀቁን ያበሥራል።

በ05 ቀበሌ የምትኖር እናት ይህን ዜና ብታነብ ባሊና ጀሪካን መሙላት እንዳለባት የምታውቀው ስድስተኛው አንቀጽ ላይ ስትደርስ ነው። ብዙ ሰው እዚያ ድረስ አያነብም።

ልምድ ያለው አርታኢ ይህን ረቂቅ ሲቀበል ወዲያው ዓረፍተ ነገር ማቃናት አይጀምርም። መጀመሪያ በየአንቀጹ ጠርዝ ላይ አንቀጹ የያዘውን ፍሬ ነገር በሁለት ሦስት ቃል ይጽፋል፤ «መድረክ ተካሄደ»፣ «መክፈቻ»፣ «የመስመሩ ዕድሜ»፣ «ብክነት»፣ «ቅሬታ»፣ «ውሃ ይቋረጣል»፣ «ቦቴ»፣ «የአምናው»፣ «መዝጊያ»። ይህ የጠርዝ ማስታወሻ ጥቅሙ ብዙ ነው። ረቂቁን እንደ ድርሰት ማየት ቀርቶ የትኛውም ቦታ ሊቀመጡ እንደሚችሉ ዘጠኝ ነገሮች እንዲታይ ያደርጋል። ከዚያ ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይቀርባል፤ ይህን ባያውቅ የሚጎዳ ሰው አለ? «መክፈቻ» ማንንም አይጎዳም። «መድረክ ተካሄደ» መረጃው ከየት እንደተገኘ ከማስረዳት ሌላ ጥቅም የለውም። «ውሃ ይቋረጣል» የሦስት ቀበሌ ነዋሪን ሁሉ ይነካል፣ ቀኑም የተቆረጠ ነው። መሪው አንቀጽ እሱ መሆኑ እዚህ ላይ ይለያል።

በተለይ ለአማርኛ ጸሐፊ ከባዱ ሥራ የሚመጣው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ስድስተኛውን አንቀጽ አንሥቶ አናት ላይ ማስቀመጥ አይበቃም። ብዙ ጊዜ ከተነሣ በኋላ እንዲህ ሆኖ ነው የሚጻፈው፦

«የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት የቴክኒክ ዘርፍ ኃላፊ ትናንት በከተማው አስተዳደር አዳራሽ በተካሄደው የባለድርሻ አካላት የምክክር መድረክ ላይ ከተሳታፊዎች ለተነሡ ጥያቄዎች በሰጡት ምላሽ ዕድሜው የገፋውን ዋና መስመር ለመቀየር ሲባል በሦስት ቀበሌዎች ከቅዳሜ ጀምሮ ለአምስት ቀናት ውሃ እንደሚቋረጥ ገለጹ።»

አንቀጹ አናት ላይ ወጥቷል፤ ፍሬ ነገሩ ግን አሁንም ታች ነው። አንባቢው ውሃ እንደሚቋረጥ የሚያውቀው 38ኛው ቃል ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቀረው «ገለጹ» ብቻ ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ መግለጫ፣ ማዕረግና ቦታ ከፊት በተደረደረ ቁጥር ዜናው ወደኋላ ይገፋል። ስለዚህ የማደራደሩ ሥራ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ አንድ ጊዜ በአንቀጾች መካከል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ። ይህን ሁለተኛውን ሥራ ከውጭ ቋንቋ የተቀዳ ማስተማሪያ አያስተምረንም። ግሥ ቶሎ በሚመጣበት ቋንቋ ችግሩ በዚህ መልኩ አይታይም።

መፍትሔው ዓረፍተ ነገሩን ለሁለት መክፈል ነው። የመጀመሪያው ግሡ ቶሎ እንዲደርስ አጭር ይሁን፤ ተናጋሪው፣ ምክንያቱና መድረኩ ወደ ሁለተኛው ይሂዱ፦

«በ02፣ በ05 እና በ07 ቀበሌዎች ከቅዳሜ ጀምሮ ለአምስት ቀናት ውሃ ይቋረጣል።

ውሃው የሚቋረጠው ከ35 ዓመት በላይ ያገለገለውን ዋና መስመር በአዲስ ለመተካት መሆኑን፣ የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት የቴክኒክ ኃላፊ ትናንት ተናግረዋል።»

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በምን እንደጀመረ ልብ ይሏል። «ውሃው የሚቋረጠው» የሚለው አገባብ አንባቢው አሁን የተረዳውን ይዞ ወደ አዲሱ ያሻግረዋል። በማዕረግ ብንጀምረው ኖሮ ክሩ ይበጠስ ነበር። የቀበሌዎቹ ቁጥርም «ሦስት ቀበሌዎች» ከሚለው ይሻላል፤ አንባቢው የሚፈልገው የራሱን ቀበሌ ነውና።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ አለ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር «አለ» ወይም «ተናገረ» ሳይኖረው ማለፉ ልክ ነው? ተቋሙ ስለራሱ ሥራ የሚያስታውቀው፣ የማያከራክር ነገር ከሆነ፣ ምንጩ በቀጣዩ ዓረፍተ ነገር እስከተጠቀሰ ድረስ ልክ ነው። ነገሩ ክስ፣ ግምት ወይም አከራካሪ ቁጥር ከሆነ ግን አይሆንም። «አለ» የሚለው ቃል ራሱ መሪው ዓረፍተ ነገር ውስጥ መግባት አለበት፣ ዜናው ቢረዝምም።

ከዚህ በኋላ የሚቀጥለው አንቀጽ የቦቴው ነው፤ ሰው ውሃ ይጠፋል ከተባለ ቀጥሎ የሚጠይቀው ከየት ልቅዳ ብሎ ነውና። ይህን ሲያደራድር አርታኢው አንድ ጉድለት ያገኛል። ረቂቁ የሚናገረው ስለ ጤና ጣቢያና ስለ ትምህርት ቤት ብቻ ነው፤ መኖሪያ ቤቶችስ? ቅዳሜ በስንት ሰዓት? ቀኑ ስንት ነው? በቀድሞው አደራደር እነዚህ ጥያቄዎች በመክፈቻ ንግግሩ ተሸፍነው ስለነበር ማንም አላያቸውም። ዘጋቢው ስልክ ያነሣል። ለመኖሪያ ቤቶች የተዘጋጀ ነገር የለም ከተባለም፣ እሱ ራሱ ዜና ስለሆነ እዚሁ ሦስተኛ አንቀጽ ላይ ይገባል። አንድን ረቂቅ ገልብጦ ማየት ያልተጠየቀውን ጥያቄ ያወጣል፤ እኔ በበኩሌ ከሥራው ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

አራተኛው ቦታ ለአምናው ታሪክ ይሰጣል። ስምንተኛ ሆኖ የመጣውን ዳራ ወደ አራተኛ ማምጣት ሕግ የጣሰ ሊመስል ይችላል፤ ዳራ ከታች ነው የሚባለውና። ነገር ግን ይህ ዳራ አምስት ቀን የተባለውን ቃል አንባቢው ምን ያህል እንዲያምነው ይነግረዋል። ለሁለት ሳምንት ውሃ ያጣ ሰው ለአምስት ቀን ብቻ አይዘጋጅም። አንድ ዳራ ዋናውን ፍሬ ነገር ለመረዳት ካስፈለገ ከጎኑ ይቀመጣል። የመስመሩ ዕድሜም በዚሁ ምክንያት በአንድ ሐረግ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ገብቷል። ውሃው ምን ያህል እንደሚባክን፣ ነዋሪዋ ማስታወቂያ አይነገረንም ያሉት ቅሬታ፣ ከዚያም የምክክር መድረኩ፣ በዚሁ ተራ ይከተላሉ። የመክፈቻ ንግግሩና መዝጊያው ይወጣሉ።

አሁን ስፌቱ ይፈተሻል፤ ብዙ የተደራደረ ዜና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። አንቀጽ ከቦታው ሲነሣ ማያያዣውን ይዞ ይነሣል። በረቂቁ ስድስተኛው አንቀጽ «ለዚህ ምላሽ የሰጡት» ብሎ ይጀምር ነበር፤ አናት ላይ ሲወጣ «ለዚህ» የሚለው የሚያመለክተው የለውም። ስምንተኛው «እኚሁ ተሳታፊ» ይላል፤ አሁን ግን ተሳታፊዋ ገና አልተዋወቁንም፣ ስለዚህ «አንዲት ነዋሪ» ተብሎ ይስተካከላል፣ ታች በቅሬታው አንቀጽ ደግሞ «ነዋሪዋ» ይሆናሉ። «አክለውም» የሚለው ቃል ከሁሉ ይበልጥ ያሳስታል። ከእሱ በፊት አንድ ሰው አንድ ነገር ተናግሮ መሆን አለበት፤ የተናገረውም ያው ሰው መሆን አለበት። በእኛ ረቂቅ አክለው የተናገሩት የአገልግሎቱ ኃላፊ ናቸው፤ በአዲሱ አደራደር ከዚያ በፊት የሚናገሩት የቴክኒክ ኃላፊው ስለሆኑ፣ ቃሉ ሳይነካ ከቀረ ንግግሩ ወደ ሌላ ሰው አፍ ይገባል። ይህ የሰዋስው ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ አንድ ሰው ያላለውን አለ ማለት ነው። ስለዚህ አርታኢው ከአደራደር በኋላ «ይህ»፣ «እነዚህ»፣ «በተመሳሳይ»፣ «በሌላ በኩል»፣ «በበኩላቸው»፣ «ከላይ እንደተጠቀሰው» የሚሉትን አንድ በአንድ በጣቱ እየነካ ማን ማንን እንደሚያመለክት ያረጋግጣል። የሰው ስምና ማዕረግም በሙሉ የሚጻፈው መጀመሪያ በሚታይበት ቦታ ስለሆነ ቦታው ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።

ቀጥሎ ያለው ፈተና ቀላል ነው። ከታች አንድ አንድ አንቀጽ እየሸፈኑ የቀረውን ማንበብ። መድረኩን የሚጠቅሰው ቢሸፈን ዜናው ይቆማል። ቅሬታው ቢሸፈን ይቆማል። ብክነቱ ቢሸፈንም ይቆማል። የአምናው ታሪክ ከተሸፈነ ግን ዜናው የተቋሙን ተስፋ ብቻ ይዞ ይቀራል፤ ስለዚህ መቁረጫው ከእሱ በታች መሆን አለበት። ፈተናው እንዲህ ዓይነቱን ድንበር ያሳያል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የሚያሳስበኝን ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፍሬ ነገሩ ክስ በሆነበት ዜና የተከሳሹን መልስ መጨረሻ ላይ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። ዘጋቢው «ሁለቱንም ወገን አናግሬያለሁ» ብሎ ሕሊናው ያርፋል። ነገር ግን ከታች የሚቆረጥ ዜና ውስጥ መጨረሻ ላይ ያለ ማስተባበያ የሌለ ያህል ነው። ሌላው ጋዜጣ ወይም ሬዲዮ ቀንጭቦ ሲወስደው ክሱ ብቻ ይጓዛል። መልሱ በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገርም ቢሆን ከክሱ ቀጥሎ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው አንቀጽ መግባት አለበት፤ ዝርዝሩ በኋላ ሊመጣ ይችላል። በእኛ ምሳሌም የነዋሪዋ የአምና ትዝታና የቴክኒክ ኃላፊው መልስ በአንድ አንቀጽ ውስጥ የተቀመጡት አንዱ ያለ ሌላው እንዳይቆረጥ ነው።

ይህ አጻጻፍ ለሁሉም ጽሑፍ አይሆንም። የአንድን ሰው ሕይወት የሚተርክ ጽሑፍ፣ የጉዞ ማስታወሻ፣ ረዥም የምርመራ ዘገባ ጨርሶ ካልተነበበ ትርጉም ስለማይሰጥ በሌላ መንገድ ይሠራል። በሬዲዮም አድማጭ ወደኋላ ተመልሶ ማንበብ ስለማይችል የቀበሌውን ቁጥር በመጀመሪያው ቃል ላይ መጣል ያመልጠዋል። መጀመሪያ ውሃ እንደሚቋረጥ ይነገራል፣ ከዚያ ቀበሌዎቹ ይዘረዘራሉ፣ መጨረሻ ላይ ቀበሌዎቹ ይደገማሉ። ለውሃ መቋረጥ፣ ለመንገድ መዘጋት፣ ለፈተና ቀን መቀየር፣ ለበሽታ መከሰትና ለዋጋ ለውጥ ግን በጽሑፍ ከዚህ የተሻለ አደራደር አላውቅም።

በየመሥሪያ ቤቱ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ላይ ላላችሁ ወገኖቼ አንድ ቃል አለኝ። የምትልኩት መግለጫ በብዙ ቦታ እንዳለ ነው የሚወጣው፤ ዘጋቢው የሚያደራድርበት ጊዜ ላይኖረው ይችላል። የኃላፊውን ማዕረግና የመድረኩን ስም ወደ ሁለተኛው አንቀጽ አውርዱት። ከመላካችሁ በፊት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ብቻ ለአንድ ጎረቤታችሁ አንብቡለት፤ ነገ ምን ማድረግ እንዳለበት ካላወቀ መግለጫውን እንደገና ጻፉት።